ውይይት፦ የቤት ሥራ ደቂቃና የሒሳብ ውጤት

በባሕር ዳር ከተማ ሁለት፣ በዘጌ አቅጣጫ ደግሞ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መርጠን 214 የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠይቀናል። በቀን ለሒሳብ የቤት ሥራ የሚያውሉት ደቂቃ ከጋራው የሴሚስተር ፈተና ውጤታቸው ጋር ያለው ተዛምዶ r = 0.14 ነው። ደካማ ነው። ራሱን በራሱ ስናባዛው 0.02 ይመጣል። ማለትም በውጤት ላይ ከታየው ልዩነት ውስጥ ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚሄደው ሁለት በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ተዛምዶው በስታቲስቲክስ ጉልህ ነው (p = 0.04)። ይህ ግን ከዜሮ የተለየ መሆኑን እንጂ ትልቅ መሆኑን አይናገርም። የ95 በመቶ መተማመኛ ክልሉም ከ0.01 እስከ 0.27 የተዘረጋ ነው።

ይህን ያየ ሰው «የቤት ሥራ ጥቅም የለውም ማለት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እኛ እንደዚያ አናነበውም። የለካነው ደቂቃን ነው፤ ደቂቃ ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድ ቁጥር ይጠቀልላል። አንዱ ልጅ ስለሚተጋ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። ሌላው ትምህርቱ ስላልገባው አንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ሰዓት ይፈዛል። በመጠይቁ ላይ ሁለቱም «120 ደቂቃ» ብለው ይሞላሉ። ፈተና ላይ ግን አንደኛው ወደ ላይ፣ ሁለተኛው ወደ ታች ይሄዳሉ። ተደምረው ሲታዩ እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ።

ተማሪዎቹን በሦስት ስንከፍላቸው ይኸው ምልክት ታይቷል። እስከ 30 ደቂቃ የሚሠሩት በአማካይ 49፣ ከ31 እስከ 90 ደቂቃ የሚሠሩት 57፣ ከዚያ በላይ የሚቆዩት 53 አግኝተዋል። የተጠቀምንበት የፒርሰን መለኪያ ቀጥታ መስመር ፈላጊ ነው። ወጥቶ የሚወርድ ነገር ሲገጥመው አሳንሶ ያሳየዋል። ከ90 ደቂቃ በላይ የሚሠሩት ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ግን «ሰዓት ሲበዛ ይጎዳል» እስከማለት አንደርስም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳብ የከበዳቸው ልጆች ናቸው ብዙ የሚቆዩት።

ከዚህ በፊት የተሠሩ ጥናቶችም ከዚህ ብዙም አይርቁም። ሃሪስ ኩፐርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካ ጥናቶችን አሰባስበው ሲያዩ፣ የቤት ሥራና የውጤት ዝምድና ከታችኛው ክፍል ይልቅ ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ጠንከር ይላል ብለዋል። ጀርመናዊው ኡልሪሽ ትራውትቫይን ደግሞ ከተቀመጡበት ሰዓት ይልቅ የሚደረገው ጥረት ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የእኛ ቁጥር ለሁለተኛው ይቀርባል።

የመልሶቹ ጥራት ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ «ግማሽ ሰዓት»፣ «አንድ ሰዓት»፣ «ሁለት ሰዓት» እያሉ ነው የሞሉት። ሰዓት ይዞ የሚሠራ ልጅ ማን ነው? እንዲህ ያለ ግምት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች በዘፈቀደ ሲሳሳት ተዛምዶን ወደ ዜሮ ይጎትተዋል፤ ስለዚህ እውነተኛው ዝምድና ከ0.14 ከፍ ያለ ሊሆን ይችላል። ኩረጃም አለ። መልሱ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከተለቀቀ በኋላ ደብተር ላይ ማስፈር አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ መምህሩም ሠርተው እንደሆነ አይቶ «ራይት» ከማድረግ ብዙም አያልፍም። በመጠይቃችን ላይ ልጁ ሠራ ወይስ ገለበጠ የሚለይ ጥያቄ አልነበረም።

የኑሮው ሁኔታም አለ። ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ልጆች ምግባቸውን አብስለው፣ ውኃ ቀድተው ነው ደብተር የሚከፍቱት። መብራት ከሄደ ደግሞ ቀኑ አለቀ። በጣና ሐይቅ ዳር ያሉት ከትምህርት መልስ ቤተሰብ ያግዛሉ። በከተማው ግን አስጠኚ የሚቀጠርላቸው አሉ፤ እነሱ የቤት ሥራውን ቶሎ ጨርሰው ጥሩ ውጤት ያመጣሉ። ይህ ብቻውን በሰዓትና በውጤት መካከል ያለውን መስመር ያጎብጠዋል። የቤተሰብ ገቢንና አስጠኚ መኖሩን ስላልጠየቅን ድርሻቸውን ነጥለን ማውጣት አልቻልንም።

ስለዚህ ይህ ውጤት የቤት ሥራን ለማስቀረትም ሆነ ለማብዛት ማስረጃ አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚሰማውን «ጨምሩላቸው፣ ውጤታቸው ይሻሻላል» የሚለውን ግምት ግን አይደግፍም። ለመምህራን የምናቀርበው ሐሳብ ጠባብ ነው፦ ጥያቄ ቀነስ ተደርጎ ቢሰጥ፣ በማግስቱም ሁለቱ ወይም ሦስቱ ሰሌዳ ላይ ቢሠሩ፣ ልጁ የት ላይ እንደተሳሳተ ይታያል። ለቀጣዩ ሴሚስተር በምናዘጋጀው መጠይቅ ደቂቃ መቁጠሩን ትተን፣ ተማሪው ስንት ጥያቄ ብቻውን እንደጨረሰ፣ የትኛው ላይ እንዳቆመና ማንን እንደጠየቀ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ እንዲመዘግብ እናደርጋለን።