ለሰዓዳና ለዳዊት፣ በሠርጋቸው ቀን

በሉ እጃችሁን ዘርጉ። ከበሮውንም ትንሽ አረፍ አድርጉት። አላበዛም እላለሁ፤ የደሴ አሮጊት ምርቃት ጀምራ ቶሎ ስታቆም ግን አይቼ አላውቅም።

ሰዓዳ ልጄ፣ ዳዊት ልጄ። እናቴ የሼህ ልጅ ነበረች፣ አባቴ ሚካኤልን ይዘክር ነበር። ለኢድም ለፋሲካም ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሁለቱም ቤት ነው የምመርቃችሁ።

ቁርኣን ባልና ሚስትን «እነርሱ ለናንተ ልብስ ናቸው፣ እናንተም ለነርሱ ልብስ ናችሁ» ይላል። ልብስ ገመና ይሸፍናል፣ ብርድም ይመልሳል፤ የደሴን የሐምሌ ብርድ ለምታውቁት ይህን ማብራራት አይጠበቅብኝም። አንዳችሁን ለአንዳችሁ ጋቢ ያድርጋችሁ። አሚን በሉ!

የአባቴ መጽሐፍ ደግሞ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ይላል። እኛ ቤት ይህ የሚፈጸመው በቡና ነበር። ሲኳረፉ እናቴ ቃል ሳትተነፍስ ከሰሉን ታያይዛለች። አቦል ላይ ሁለቱም ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ቶና ላይ አባቴ «ጨው በዛበት» ይላል፤ እንዳልበዛበት ሁላችንም እናውቃለን፣ እሷም ታውቃለች፣ ግን መልስ ትሰጠዋለች። በረካው ሲቀዳ ስለ በግ ዋጋ ያወራሉ። በረካው ሳይቀዳ ተነስቶ የሚወጣ በቤታችሁ አይኑር። አሜን!

ወይዘሮ ስሂን ስማር የሒሳብ መምህራችን ህንዳዊ ነበሩ። እነሱ አገር ሙሽሮች እሳቱ ፊት ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ፣ ሰባተኛዋ የጓደኝነት ናት አሉን። ሒሳቡ ጠፍቶብኛል፣ ይቺ ግን አልጠፋችም። እንደ ጓደኛ ተሳሳቁ፣ እሺ? ፍቅር ሲደክመው ጓደኝነት ይሸከመው።

ይቺን እርጥብ ሳር ያዙ። አያቴ በኦሮምኛ ስትመርቅ ከእጇ አትለያትም ነበር። እንደሷ ለምልሙ። የአብርሃምና የሣራ ትዳር ያድርግላችሁ። ውለዱ፣ ክበዱ። ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ ጎረቤት ይሰውራችሁ። እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ይስጣችሁ፣ እንግዳው የሚበላውንም አይንሳችሁ። ጦሳን የሸፈነ ጉም ረፋድ ላይ እንደሚገለጥ ጭንቀታችሁ ይገለጥ። አብራችሁ አርጁ፤ አንዳችሁ መነጽሩን ሲረሳ ሌላው ያስታውሰው። አሜን፣ አሚን!

አንድ ነገር ቀረኝ። ማታ ወደ ኮምቦልቻ ትወርዳላችሁ። ሐረጎን በፍሬን ብቻ የወረደ ሹፌር ታች ሲደርስ ጎማው ይሸታል፣ ብልሁ ገና ከላይ ማርሽ ይቀንሳል። ንዴት ሲመጣባችሁ እናንተም ከላይ ቀንሱ።

ሹፌሩ የት አለ? አንተ ልጅ፣ ለአንተም ነው የምናገረው። በል ከበሮውን አንሱት!