የ9ኛ ክፍል ጂኦግራፊ መለማመጃ ኩዊዝ፦ ከፍታ፣ ሙቀትና ዝናብ (ከነመልሱ)

ልጆች፣ ይህ ኩዊዝ የወጣው ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ካየናቸው ስላይዶች ነው። ማርክ አይያዝበትም። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ጥያቄውን በአማርኛ ያደረግሁት መጀመሪያ ሐሳቡ እንዲገባችሁ ነው። ሐሳቡ ከገባችሁ የእንግሊዝኛው ፈተና አያስቸግራችሁም። ከጥያቄው አጠገብ የስላይዱን ቁጥር አስፍሬያለሁ፤ ከጠፋባችሁ ወደዚያ ተመለሱ። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ግን የራሳችሁን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ለስሌት እንዲመቸን ደሴን 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻን 1,850 ሜትር ብለን እንውሰድ።

ጥያቄዎች

1. (ስላይድ 2) ስለ አየር ንብረት የሚናገረው የትኛው ነው?
ሀ. ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጉም ወርዶ ነበር።
ለ. ትናንት ኮምቦልቻ ላይ በረዶ ጣለ።
ሐ. በብዙ ዓመታት አማካይ ደሴ ከኮምቦልቻ ትቀዘቅዛለች።
መ. ነገ ከሰዓት ሊዘንብ ይችላል።

2. (ስላይድ 4) በስላይዱ ክፍፍል መሠረት ትክክለኛው የቱ ነው?
ሀ. ደሴ ወይና ደጋ፣ ኮምቦልቻ ቆላ
ለ. ደሴ ደጋ፣ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ
ሐ. ሁለቱም ደጋ
መ. ደሴ ውርጭ፣ ኮምቦልቻ ደጋ

3. (ስላይድ 5) እውነት ወይስ ሐሰት? «በኢትዮጵያ ውስጥ ቦታዎች በሙቀት የሚለያዩበት ዋናው ምክንያት ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ነው።»

4. (ስላይድ 6) ኮምቦልቻ ላይ የአየሩ ሙቀት 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው እንበል። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ የሚቀንስ ከሆነ በዚያው ሰዓት ደሴ ላይ ስንት ይሆናል? ስሌቱን አሳዩ።

5. (ስላይድ 7) አንድ ጓደኛችሁ «ደሴ ከፍ ስለምትል ለፀሐይ ትቀርባለች፤ ስለዚህ ከኮምቦልቻ መሞቅ ነበረባት» አላችሁ። በሦስት ወይም በአራት ዓረፍተ ነገር አስረዱት።

6. (ስላይድ 10) ወሎ ውስጥ ዝናብ በዓመት በሁለት ወቅት ይጠበቃል። ሁለቱን ወቅቶች ጥቀሱና የትኛው ዋናው እንደሆነ ተናገሩ።

7. (ስላይድ 4 እና 12) ከደሴ ተነስታችሁ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጋችሁ ወደ አፋር ሜዳ ብትወርዱ የምታልፏቸውን የአየር ንብረት ቀጠናዎች በቅደም ተከተል ጻፉ። ገብስ መንገዱ መጀመሪያ ላይ፣ ማሽላ ደግሞ ዝቅ ሲባል የሚበዛው ለምን ይመስላችኋል?

መልሶች

1. ሐ። የቀሩት ሦስቱ የአንድ ቀን የአየር ሁኔታ ናቸው። አየር ንብረት ለማለት የረጅም ጊዜ አማካይ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው 30 ዓመት ነው።

2. ለ። ወይና ደጋ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር፣ ደጋ ደግሞ ከዚያ በላይ እስከ 3,200 ሜትር አካባቢ ነው። «ሀ»ን የመረጣችሁ ኮምቦልቻ ስለምትሞቅ ቆላ መስላችሁ ይሆናል። ቆላ ግን ከ1,500 ሜትር በታች ነው።

3. ሐሰት። አገራችን በሙሉ ከምድር ወገብ ብዙ ሳትርቅ በሐሩር ክልል ውስጥ ነች። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ከፍታ ነው።

4. 21.8 ዲግሪ ገደማ። መጀመሪያ የከፍታውን ልዩነት አውጡ፦ 2,500 − 1,850 = 650 ሜትር። ቀጥሎ 650 ÷ 1,000 × 6.5 = 4.225፣ ማለትም 4.2 ዲግሪ ገደማ። በመጨረሻ 26 − 4.2 = 21.8። መልሱ 30.2 የመጣለት ሰው መቀነስ ሲገባው ደምሯል፤ ወደ ላይ ስንወጣ እንደሚቀዘቅዝ ያስታውስ። 19.5 የመጣለት ደግሞ 6.5ን እንዳለ ቀንሷል፤ 650 ሜትር ግን 1,000 አይሞላም። 6.5 አማካይ ቁጥር ስለሆነ በዕለቱ ቴርሞሜትር ላይ የምታነቡት ትንሽ ሊለይ ይችላል።

5. ይህን ጥያቄ የምወደው ሽምደዳ ስለማይመልሰው ነው። መልሱ ሦስት ነገር መያዝ አለበት። አንደኛ፣ ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቀናለች፤ 650 ሜትር ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ሁለተኛ፣ የምንተነፍሰውን አየር በብዛት የሚያሞቀው ከታች ያለው መሬት ነው። ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ መሬቱ ደግሞ አየሩን። ሦስተኛ፣ ወደ ላይ ስንወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ አየር ይሰፋል፣ ሲሰፋም ይቀዘቅዛል። ደሴ ላይ ቀትር የፀሐዩ ጨረር ቆዳ እያቃጠለ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ወዲያው የሚበርዳችሁም ለዚህ ነው፦ ጨረሩ ጠንካራ ነው፣ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው።

6. በልግና ክረምት፤ ዋናው ክረምት ነው። በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ፣ የክረምቱ ዝናብ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ይጠናል። «በጋ» ብሎ የጻፈ ስላይድ 10ን ደግሞ ያንብብ።

7. ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ። ገብስ ቅዝቃዜን ይችላል። ማሽላ ሙቀት ይፈልጋል፣ የዝናብ እጥረትንም ከብዙ እህሎች በተሻለ ይቋቋማል። ቅደም ተከተሉን ብቻ የጻፈ ግማሽ ነጥብ ለራሱ ይስጥ፤ ምክንያቱን ከሙቀትና ከዝናብ ጋር ያያያዘ ሙሉውን ይውሰድ።