ጾሙ ሳይገባ ጤፍ፣ ምስርና ዘይት አብረን እንግዛ

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው እሁድ ቡና ላይ የተነጋገርነውን ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም። ዐቢይ ጾም ዘንድሮ የካቲት 9 ይገባል። 55 ቀን ሙሉ ምስርና ዘይት የማያልቅበት የጾመኛ ቤት የለም። ባለሱቆቹም ይህንን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ሁላችንም በየፊናችን አሥር አሥር ኪሎ ከምንለቅም፣ አንድ ላይ ከምንጩ እንግዛ ነው ሐሳቡ።

እስካሁን 11 ቤት ተመዝግቧል፤ ጤፉ 14 ኩንታል ደርሷል።

ጤፉ ከአዴት ነው። እኔና ጡረተኛው ጋሼ ሄደን አይተናል። ጋሼን ታውቋቸዋላችሁ፣ ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ነው የጨረሱት፤ ጤፍ ሲያዩ ዓይናቸው አይሳሳትም። ነጩ በኩንታል 12,600 ብር፣ ሰርገኛው 11,400 ብር ተባልን። ማኛ የሚፈልግ ካለ ለብቻ ይንገረኝ፤ እኔ ግን ለልጆች ቤት ሰርገኛውን እመርጣለሁ። መኪናው ደርሶ መልስ 4,000 ብር ነው። 20 ኩንታል ከሞላን ለአንዱ 200 ብር ይደርሳል፣ 14 ላይ ከቀረን ወደ 286 ብር ይወጣል። ሌላ ስድስት ኩንታል የምለምናችሁ ለዚህ ነው። ለጫኝና አውራጅ 40 ብር ጨምሩበት። 20 ከሞላ ነጩ በራችን ላይ 12,840 ብር ይገባል ማለት ነው። የሰፈራችን ሱቅ ኪሎውን 145 ብር ነው የሚሸጠው፤ ኩንታሉ 14,500። ልዩነቱ 1,660 ብር።

አንድ ኩንታል የበዛበት ከጎረቤቱ ጋር ግማሽ ግማሽ ይካፈል። መዝገቡ ላይ የሁለታችሁንም ቤት እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ። አምና ብቻዬን አንድ ኩንታል ገዝቼ ነበር። ከላይ ያለው ነጭ በነጭ ነው፤ እጄን አስገብቼ አየሁ፣ ደስ አለኝ። ግማሹ ላይ ስደርስ ግን እንጀራው ኩርሽም ኩርሽም ይል ጀመር። ነጋዴውን ብጠይቀው «ከእኔ አልተገዛም» አለኝ። አርፌ ዝም አልኩ። ስለዚህ ዘንድሮ እንዲህ እናደርጋለን። ጆንያው እታች ድረስ በብረት ቱቦ ይወጋል፤ ከሥር የሚወጣው በነጭ ሳህን ላይ ይበተናል። ጋሼ ቆንጥረው ይቆረጥሙታል። ጥርሳቸው አሸዋ ካገኘ ያ ጆንያ ይመለሳል። ከዚያ ከወፍጮ ቤቱ በተዋስነው ሚዛን እዚሁ በራችን ላይ ይመዘናል። ነጋዴው ከጭነቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሒሳቡን የሚቀበለው ከሚዛን በኋላ ነው። በዚህ ተስማምቷል።

ምስር ሁለት ዓይነት አለ። ክኩ በኪሎ 175፣ ድፍኑ 150 ብር። ለረጅም ጊዜ ማስቀመጥ የምትፈልጉ ድፍኑን ስትወስዱ ፍሬው ላይ ቀዳዳ ካለ ነቀዝ ገብቷልና አትቀበሉ። ጤፍ እንኳ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ብዙም አያሳስበውም። እርጥበት ግን ለሁለቱም መጥፎ ነው፤ ሰፈራችን ሽምብጥ ደግሞ ሐይቁ አጠገብ ነው። ጆንያውን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታስቀምጡት። ከሥሩ ጣውላ አስገቡለት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አራቁት።

ዘይቱ የኑግ ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር ካለ መጭመቂያ ቤት። በ20 ሊትር ጀሪካን ሊትሩ 380 ብር ይሰጡናል። ጀሪካን ግን የራሳችሁን አምጡ፣ በሙቅ ውሃ ታጥቦ በደንብ የደረቀ። አንድ ቤት ናፍጣ የነበረበት ጀሪካን አምጥቶ ዘይቱ ሁሉ ተደፍቷል፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ራሱም ይስቃል።

ገንዘቡን በተመለከተ፦ ለአንድ ኩንታል 500 ብር ቅድሚያ እስከ ረቡዕ ጥር 27 ለእድራችን ገንዘብ ያዥ ለእትዬ ስጡ። እኔ ጋ ብር አታምጡ፤ እኔ መዝገብ ብቻ ነው የምይዘው። ከዚያው ላይ መኪናው ይከፈላል፣ ቀሪው ከሒሳባችሁ ይቀነሳል። መንገዱ ካልተመቸና ጉዞው ከቀረ 500 ብሩ ለሁላችሁም ይመለሳል። የወሩ ደመወዝ የማይደርስለት ካለ ለእትዬ ለብቻ ይንገራቸው፤ ሌላ ሰው አይሰማም።

ጭነቱ ቅዳሜ ጥር 30 ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ጉልበት ያላችሁ ወጣቶች አትጥፉ። ቡናውን እኔ አፈላለሁ። ግማሽ ግማሽ የምትካፈሉ ባዶ ጆንያ ይዛችሁ ኑ።

ከሰማያዊው በር፣ ከውሃ ታንከሩ ጎን