የዝውውር ፈቃድ ልመና

ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብፁዕ አባታችን የጅማ ሀገረ ስብከት ሊቀ ጳጳስ
ጅማ

ጉዳዩ፦ ወደ ጅማ ከተማ አጥቢያ እንድዛወር ፈቃድ ስለመለመን

ብፁዕ አባታችን፣ መስቀልዎን ተሳልሜ ቡራኬዎ እንዲደርሰኝ እየለመንኩ፣ በሰቃ ጨቆርሳ ወረዳ በሚገኝ የገጠር አጥቢያ በቅስና የማገለግል ልጅዎ ይህን ልመናዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

በጅማ ከተማ ብቻዋን የምትኖረው ወላጅ እናቴ የዓይኗ ብርሃን ጨርሶ ስለጠፋ፣ ሰሞነኛ ሆኜ በምቆይበት ሳምንት ሁሉ የሚደግፋት ሰው የለም። ባለፈው የዐቢይ ጾም፣ ምድጃውን በእጇ ስትዳብስ መዳፏ ተቃጥሎ ጎረቤት ደርሶላታል። ወደ ገጠር ወስጄ እንዳላኖራት የሕክምና ክትትሏ በከተማው ነው። ሌላ ልጅም የላትም።

የምእመናኑ ፍቅር እጅግ የሚከብደኝ ስለሆነ ይህን ለመጻፍ ብዙ ዘግይቻለሁ። ቅዳሴ ከአምስት ልዑካን ባነሰ ስለማይቀደስ፣ እኔ ስሄድ አገልግሎቱ እንዳይታጎል ምትክ ካህን እስኪመደብ ድረስ፣ ቢያንስም ጾመ ፍልሰታ እስኪፈታ፣ በቦታዬ ሆኜ ለማገልገል ፈቃደኛ ነኝ። በከተማው የትኛውም አጥቢያ፣ በየትኛውም የአገልግሎት ደረጃ ብመደብ በደስታ እቀበላለሁ።

ስለዚህ ብፁዕነትዎ ልመናዬን በአባትነት ርኅራኄ ተመልክተው እንዲፈቅዱልኝ ጫማዎን ስሜ እለምናለሁ፤ ባይፈቀድልኝም ትእዛዝዎን በሙሉ ልብ እፈጽማለሁ። የአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የድጋፍ ደብዳቤ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ቡራኬዎ ይድረሰኝ።

ታዛዥ ልጅዎ
ቄስ ገብረ ማርያም