ኮንትራትና ቋሚ ቅጥር፦ ለሐዋሳ ሆቴላችን ሠራተኞች

ሰላም ጤና ይስጥልን! ሰሞኑን “ኮንትራት ነኝ፣ ፈቃድ አለኝ ወይ?” የሚል ጥያቄ በዝቷል። አዎ፣ አላችሁ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቅጥር በመርህ ደረጃ ቋሚ ነው። ኮንትራት የሚፈቀደው በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው። ለምሳሌ የእንግዳ መቀበያ ባልደረባችን ወሊድ ላይ ስለሆነች እሷ እስክትመለስ ሰው ቀጥረናል። ይህ ትክክለኛ ኮንትራት ነው። ዓመት ሙሉ የማይቋረጥ የአልጋ ማንጠፍ ሥራን ግን ኮንትራት ማለት አይገባም፤ እኛም አናደርገውም።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው። ኮንትራት ከሆናችሁ በሠራችሁበት ጊዜ ልክ ይሰላል። ለጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ሆቴሉ 11 በመቶ ይጨምራል።

ትልቁ ልዩነት ስንብት ላይ ነው። ኮንትራት ቀኑ ሲደርስ ያበቃል። ቋሚ ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ግን ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልጋል። የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ እስከ አንድ ዓመት አገልግሎት አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እናንተም ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ። እባካችሁ ድንገት አትጥፉ፤ ሸክሙ ጓደኞቻችሁ ላይ ይወድቃል።

ሰዓት ማክበርና የእንግዳን ንብረት መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው። የውላችሁ ቅጂ የሌላችሁ፣ የሰው ሀብት ክፍል መጥታችሁ ውሰዱ።