ሄለን ለላከቻቸው አራት የምግብ ማሸጊያ ፎቶዎች መልስ

ሄሉዬ፣ ፎቶዎቹን አጉልቼ መስመር በመስመር አነበብኳቸው። አቤልን የሚያሳምመው ወተትና ኦቾሎኒ ስለሆነ የፈለግሁት እነሱን ነው።

የክሬም ብስኩቱን ተይው። «ወተት» የሚል ቃል አላየሽበትም፤ ግን ከስኳሩና ከዘይቱ ቀጥሎ «ዌይ ፓውደር» ይላል። ዌይ ማለት የኛው አጓት ነው፣ አይብ ሲወጣ የሚቀረው። አድርቀው ዱቄት ያደርጉታል። የወተት ፕሮቲን ስላለበት ለአቤል ያው ወተት ነው። «ኬዚን» ወይም «ኬዚኔት» ካየሽም እንደዚያው። «ኮኮዋ በተር» የሚለው ግን አያስደንግጥሽ፤ የካካዎ ፍሬ ስብ እንጂ የላም ቅቤ አይደለም።

ያሳሰበኝ የጾሙ ብስኩት ነው። ባለሱቁ አልዋሸሽም፣ ዝርዝሩ ውስጥ ወተት የለም። ከባርኮዱ ሥር ግን በደቃቅ ፊደል «ወተትና ኦቾሎኒ ሊኖርበት ይችላል» ይላል። የወተት ብስኩት በሚጋገርበት ማሽን ሳይሠራ አይቀርም። ለጿሚ ምንም አይደል፤ ለአቤል ግን ትንሽ ፍርፋሪ ሊበቃ ይችላል። እባክሽ «የጾም ነው» ሲሉሽ ብቻ አትግዢ። ደግሞ ማስጠንቀቂያው የለም ማለት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም «ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን አምራቹ በፈቃዱ ነው የሚጽፈው።

ስለ ኮርን ፍሌክሱ ምንም ማለት አልችልም። የአስመጪው ስቲከር የዝርዝሩን መጨረሻ ሸፍኖታል። ያልተነበበ ነገር አይገዛም።

ማካሮኒው ይሁን። የዱረም ስንዴ ብቻ ነው፤ «ሶያ ሊኖርበት ይችላል» ቢልም አቤል ሶያ በደንብ ይበላል።

ይቺን ደግሞ ገልብጠሽ ለአባቱና ለሠራተኛሽ ስጪያቸው፦

«አቤል ወተትና ኦቾሎኒ በፍጹም አይበላም። ወተት ሲባል ቅቤ፣ አይብ፣ እርጎ፣ ዌይ፣ ኬዚን ሁሉ ነው። ላክቶስ የሌለው ወተትም ወተት ነው፣ የተነካው ስኳሩ ብቻ ነው። ኦቾሎኒ አንዳንዱ ላይ ‹ግራውንድነት› ተብሎ ይጻፋል። ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው፣ ከሥሩ ያለውንም አንብቡ። ቃሉ ካልገባችሁ ፎቶ አንስታችሁ ለሄለን ላኩ፤ መልስ ሳይመጣ አትክፈሉ። ተፈትቶ በኪሎ የሚሸጥ ብስኩትና ቆሎ አይገዛም። የለመዳችሁትንም ቢሆን በየጊዜው አንብቡ፣ አሠራሩን ይቀይራሉ።»

በስህተት በልቶ ከንፈሩ ካበጠ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሐኪሙ ያዘዘለት መርፌ ካላችሁ ወዲያው ስጡትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። እስኪሻለው ቤት አትጠብቁ።

የኮርን ፍሌክሱን ስቲከር ባለሱቁ ከላጠልሽ ደግመሽ አንሺና ላኪልኝ። ማታም ቢሆን አየዋለሁ።