በፖሊሲው አንቀጽ 7(ሐ) አፈጻጸም ላይ የቀረበ ቅሬታ

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል
ደብረ ማርቆስ

ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ፣ የካቲት 14 ቀን ደጀን ከተማ መውጫ ላይ በአይሱዙ መኪናዬ ላይ ለደረሰው ጉዳት ያቀረብኩት የብር 386,400 የካሳ ጥያቄ በአንቀጽ 7(ሐ) መሠረት ተቀባይነት እንዳላገኘ ተገልጾልኛል። አንቀጹ በፖሊሲዬ ውስጥ መኖሩን አልክድም፤ ቅሬታዬ በእኔ ጉዳይ ላይ በተሠራበት መንገድ ነው።

ደብዳቤው አንቀጹን «ከመጫን አቅም በላይ ጭኖ ለሚደርስ ጉዳት» ብሎ አሳጥሮ ጠቅሶታል። በእጄ ባለው ፖሊሲ ላይ የሰፈረው ግን «ተሽከርካሪው በሊብሬው ላይ ከተመለከተው የመጫን አቅም በላይ ጭኖ ሲንቀሳቀስ፣ በዚሁ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት» የሚል ነው። በደብዳቤው የተዘለሉት «ሲንቀሳቀስ» እና «በዚሁ ምክንያት» የሚሉት ቃላት ጉዳዩን የሚወስኑት ናቸው።

ሾፌሩ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ፍሬን ለማየት መኪናውን ከአስፋልቱ ውጪ አቁሞ፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ሳለ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከኋላው የመጣ ሌላ የጭነት መኪና እንደገጨው የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ያረጋግጣል። የተጎዱት የኋላ ስፖንዳውና ሻንሲው ናቸው። በቆመ መኪና ላይ የደረሰን ግጭት ጭነቱ እንዴት ሊያስከትለው እንደቻለ ደብዳቤው አንድም ቃል አላለም።

ከዚህም በላይ ትርፍ ጭነት ተጭኗል የተባለው ራሱ ስህተት ነው። ደብዳቤው «7,940 ኪሎ ግራም ተጭኖ ተገኝቷል» ይላል፤ ይህ ግን በቡሬ የተሰጠኝ የሚዛን ደረሰኝ የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለው፣ መኪናው ከነጭነቱ የተመዘነበት ጠቅላላ ክብደት ነው። ሁለተኛው መስመር ባዶውን መኪና 3,120፣ ሦስተኛው ደግሞ የተጣራውን ጭነት 4,820 ኪሎ ግራም ያሳያል። ሦስተኛው መስመር በማኅተሙ ቀለም በከፊል ስለተሸፈነ ገምጋሚው ሳያየው ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው መቀነስ በቂ ነበር። ሊብሬው የሚፈቅደው 50 ኩንታል ሲሆን የጫንኩት 48 ጆንያ በቆሎ ነው።

ድርጅቱ የአንቀጹን ቃላት በሌላ መንገድ መረዳት ይቻላል የሚል ከሆነም፣ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 ንዑስ ቁጥር 2፣ አንዱ ወገን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ለሌላው ያቀረበው የውል ቃል አሻሚ ሲሆን ላዘጋጀው ወገን በማይጠቅመው ትርጉም እንዲወሰድ ያዛል። ፖሊሲውን ያዘጋጀው ድርጅቱ ነው፤ እኔ ዓረቦኑን ከፍዬ ከመፈረም በቀር አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

ስለዚህ ውሳኔው ከመጀመሪያው ገምጋሚ ውጪ በሆነ ባለሙያ እንደገና ታይቶ ካሳው እንዲከፈለኝ፣ ውሳኔው የሚጸና ከሆነ ደግሞ አንቀጹ ከነሙሉ ቃሉ ተጠቅሶ፣ ጭነቱ ለግጭቱ ምክንያት የሆነበት ሁኔታ ተብራርቶ፣ እስከ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሚዛን ደረሰኙን፣ የሊብሬውንና የትራፊክ ሪፖርቱን ቅጂ አያይዣለሁ፤ ማኅተም ያረፈበትን መስመር ለማየት ዋናውን ደረሰኝ በተጠራሁበት ቀን ይዤ እቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
መድን ገቢው